የሚጠበቀውና የሆነው፦ የተጫዋቾች የደረጃ ነጥብ ከግጥሚያ ወደ ግጥሚያ እንዴት ይታደሳል?

ክቡራትና ክቡራን፣

አንድ ተጫዋች አሥር ግጥሚያ ተጫውቶ ስምንቱን አሸነፈ። ሌላው አሥር ተጫውቶ ያሸነፈው አምስቱን ብቻ ነው። ከሁለቱ ማን ይበልጣል? ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ የመጀመሪያው ስምንቱን ያሸነፈው ትናንት ጨዋታውን ከተማሩ ሰዎች ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ አምስቱን ያሸነፈው ከምርጦች ጋር ሊሆን ይችላልና። ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል ጊዜ በሚገናኝበት ሊግ ይህ ችግር አይነሣም፤ ድሎችን ቆጥሮ ማሰለፍ ይበቃል። ነገር ግን በቼዝም ሆነ በሌሎች በርካታ ውድድሮች ተጫዋቾች የሚገናኙት በአጋጣሚ፣ በተለያየ ቁጥርና በተለያየ ዘመን ስለሆነ፣ ድልን ከተሸነፈው ሰው ጥንካሬ ጋር አያይዞ የሚመዝን ዘዴ ያስፈልጋል። ችግሩ ደግሞ የተሸነፈው ሰው ጥንካሬ ራሱ የሚታወቀው እርሱ ከሌሎች ጋር ካደረጋቸው ግጥሚያዎች ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነገር በቀላል ስሌት የፈታው አርፓድ ኤሎ ነው። ኤሎ በ1903 እ.ኤ.አ. በሃንጋሪ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በሚልዋኪ ከተማ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረና ራሱም ጠንካራ የቼዝ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ዘዴውን በ1960፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብለውታል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖችን የሚያሰልፈው ከዚሁ በተወሰደ ስሌት ነው። ዛሬ ግን በቼዙ ላይ እቆያለሁ፤ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የአንድ ክበብ ነጥብ መዝጋቢ ሆኜ ስሕተቶቹን በእጄ የነካሁት በዚያ ስለሆነ ነው።

የኤሎ ሐሳብ በሁለት መስመር ይጻፋል።

```
E = 1 / (1 + 10^((Rb - Ra) / 400))
Ra' = Ra + K * (S - E)
```

Ra እና Rb የሁለቱ ተጫዋቾች ነጥብ፣ E የሚጠበቀው ውጤት፣ S የሆነው ውጤት፣ Ra' ደግሞ የታደሰው ነጥብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ትንበያ ነው። የሁለቱን ተጫዋቾች የደረጃ ነጥብ ልዩነት ወስዶ አንዱ ከግጥሚያው ምን ያህል ውጤት እንደሚጠበቅበት ይናገራል። ሁለተኛው መስመር እርማት ነው። የሆነው ውጤት ድል ከሆነ 1፣ አቻ ከሆነ ግማሽ፣ ሽንፈት ከሆነ 0 ተብሎ ይገባና፣ ከሆነው ላይ የተጠበቀው ተቀንሶ፣ ልዩነቱ ኬ በሚባለው ቁጥር ተባዝቶ በቀድሞው ነጥብ ላይ ይደመራል። ከዚህ ሌላ በስሌቱ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም። 400 የሚለው ቁጥር የመስፈሪያ ምርጫ ብቻ ነው፤ በ400 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች አሥር ሲያሸንፍ አንድ ይሸነፋል ተብሎ እንዲነበብ ያደርገዋል። በ200 ነጥብ የሚበልጠው ከመቶ 76 ያህሉን፣ በ100 የሚበልጠው 64 ያህሉን እንዲያገኝ ይጠበቃል።

አሁን አንድ ግጥሚያ ወስደን እንየው። 1600 ነጥብ ያላት ተጫዋች 1800 ካለው ጋር ተገናኘች፣ ኬም 20 ነው እንበል። ከእርሷ የሚጠበቀው 0.24 ነው። ካሸነፈች ከ1 ላይ 0.24 ተቀንሶ የቀረው 0.76 በ20 ይባዛና 15.2 ነጥብ ታገኛለች፤ ከተሸነፈች የምታጣው 4.8 ብቻ ነው። አቻ ከወጣች እንኳ 5.2 ነጥብ ይጨመርላታል፤ ምክንያቱም አቻ የሚሰጠው ግማሽ ከተጠበቀባት በላይ ነው። ባላንጣዋ ኬው እኩል ከሆነ እርሷ ያገኘችውን ያህል ያጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጠንካራውን ማሸነፍ «ሽልማት» እንዳለው አድርጎ ይወስደዋል። በክበባችንም አንድ ወጣት ከደካሞች ጋር መጫወት ትቶ ጠንካሮችን ብቻ መምረጥ ጀምሮ ነበር፤ ስሌቱን ግን እንደ እርሱ ባሰበው መንገድ ማንበብ ስሕተት ነው። ተጫዋቿ በእርግጥ የ1600 ጥንካሬ ካላት፣ ከመቶ ግጥሚያ የምታሸንፈው 24ቱን ነው። ሃያ አራት ጊዜ 15.2 ብታገኝ 364.8 ይሆናል። ሰባ ስድስት ጊዜ 4.8 ብታጣም 364.8 ይሆናል። ትርፉ ዜሮ ነው። ከደካማ ጋር ብትጫወትም ሒሳቡ ተገልብጦ እዚያው ይደርሳል፤ በትንሽ በትንሹ ብዙ ጊዜ ታገኛለች፣ አልፎ አልፎ በብዙ ታጣለች። ስለዚህ ነጥቧ ትክክል የሆነ ተጫዋች ባላንጣ በመምረጥ ነጥቧን ከፍ ልታደርግ አትችልም፤ ከጠንካራ ላይ የሚገኘው ትልቅ ነጥብ ለጀግንነት የሚሰጥ ሳይሆን የድሉ ብርቅነት ተመን ነው።

ነጥቧ በጊዜ ብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚንቀሳቀሰው በስሌቱ ውስጥ ያለው ግምት ሲሳሳት ብቻ ነው። ያችው ተጫዋች ከመቶው 24ቱን ሳይሆን 35ቱን ብታሸንፍ፣ ነጥቧ ባለበት ቆሞ ቢታሰብ ከድሎቹ 532 አግኝታ በሽንፈቶቹ 312 ስለምታጣ 220 ነጥብ ይተርፋታል። በተግባር ግን ነጥቧ ከግጥሚያ ግጥሚያ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠበቅባት ይጨምራል፣ የድሏ ዋጋም ይቀንሳል። ባላንጣዋ በ1800 ቆሞ ቢቆይ እርሷ ወደ 1692 ስትጠጋ መውጣቷ ያበቃል፤ የ108 ነጥብ ልዩነት ማለት 35 ከመቶ ማለት ነውና። የደረጃ ነጥብ እንግዲህ የተከማቸ ሀብት አይደለም። ስለ ወደፊቱ ግጥሚያ የተነገረ ግምት ነው፤ የሚታረመውም በተሳሳተበት መጠን ነው።

እስካሁን ኬን እንዲሁ 20 ብዬ አለፍሁት። በእውነቱ የአንድ የደረጃ ሥርዓት ጠባይ ከምንም በላይ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

አንድ ተጫዋች የእውነት ጥንካሬው 1800 ሆኖ በስሕተት 1500 ተሰጠው እንበል፤ በሌላ ቦታ ብዙ ተጫውቶ ወደ እናንተ ሲመጣ እንደ ጀማሪ የተመዘገበ ሰው ሊሆን ይችላል። የሚገጥመውም ነጥባቸው ትክክለኛ 1800 ከሆነ ሰዎች ጋር ነው። ስሌቱ ከመቶ 15 ያህል ይጠብቅበታል፣ እርሱ ግን ሃምሳ ያመጣል። ኬ 20 ከሆነ መጀመሪያ ላይ በየግጥሚያው በአማካይ 7 ነጥብ ያህል ይወጣል። ነገር ግን ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ስሕተቱ ስለሚጠብ እርምጃውም ያጥራል። ከእውነተኛው ጥንካሬው በ100 ነጥብ ርቀት ላይ ለመድረስ 42 ግጥሚያ ያህል፣ በ50 ርቀት ላይ ለመድረስ 66 ግጥሚያ ያህል ይፈጅበታል። በዓመት ሃያ ግጥሚያ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። ኬን 40 ብናደርገው ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 10 ብናደርገው ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

«ታዲያ ኬን ለሁሉም 40 አድርገን ለምን አንገላገልም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ክፍያው በሌላ በኩል ይወጣል። ጥንካሬው ከቶ የማይለወጥና ነጥቡ ትክክል የሆነ ተጫዋች አስቡ፤ ከእኩዮቹ ጋር እየተጫወተ አንድ ቀን ሦስት ተከታታይ ድል፣ ሌላ ቀን አራት ተከታታይ ሽንፈት ያጋጥመዋል፣ ይህም ሁሉ ዕድል እንጂ ለውጥ አይደለም። ስሌቱ ግን ዕድልን ከለውጥ መለየት ስለማይችል እያንዳንዷን ውጤት እንደ ዜና ይቀበላታል። አቻ የሌለበትን ጨዋታ ወስዶ ሒሳቡን ለሠራው ሰው፣ ኬ 20 ሲሆን የዚህ ተጫዋች ነጥብ ከትክክለኛው ዙሪያ የሚዋዥቀው ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል በ42 ነጥብ ክልል ውስጥ ነው፤ በቀሪው ጊዜ ከዚያ ይርቃል። ኬ 40 ሲሆን ክልሉ ወደ 60 ይሰፋል፣ 10 ሲሆን ወደ 30 ይጠብባል። እንግዲህ 1790 እና 1830 ያላቸውን ሁለት ሰዎች በማዕረግ የሚለያይ ሥርዓት በአብዛኛው የሚለያየው የሰሞኑን ዕድላቸውን ነው። በመዝጋቢነቴ ዘመን ከሁሉ በላይ ያዘንሁት በሁለት ነጥብ ልዩነት ለቡድን የተመረጡና የቀሩ ሰዎችን ሳይ ነበር፤ ቁጥሩ ያን ያህል ጥራት ኖሮት አያውቅም።

ፊዴ ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ኬን እንደ ተጫዋቹ በመለያየት ነው። አዲስ ተጫዋች 30 ግጥሚያ እስኪሞላ ኬው 40 ነው፤ ከዚያ በኋላ 20 ይሆናል፤ 2400 ከደረሰ በኋላ 10 ይሆናል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ነጥባቸው ከ2300 በታች እስከሆነ ድረስ በ40 ይቆያሉ፤ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ተጫዋች ሊሆን ይችላልና። በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ማሰሪያ አለ። የአንድ ወቅት ግጥሚያዎች ሁሉ የሚሰሉት ተጫዋቹ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ በነበረው ነጥብ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ በአንድ ወር 40 ግጥሚያ ቢጫወት እየወጣ ሲሄድ ልኩ ላይ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ሁሉም ድል በአሮጌው ነጥብ ስለሚቆጠር ከትክክለኛው ቦታ አልፎ ይወረወራል። ስለዚህ ኬ በግጥሚያው ብዛት ተባዝቶ ከ700 እንዳይበልጥ ተደንግጓል። 40 ግጥሚያ ለተጫወተው ልጅ ኬው ከ40 ወደ 17 ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ማሰሪያ ሳያውቁ በወር አንዴ የሚያሰሉ ክበቦች፣ አንድ ወር ሰማይ የወጣ ተጫዋች በሚቀጥለው ወር ሲወድቅ ያያሉ፤ ጥፋቱን በተጫዋቹ መንፈስ ላይ ያላክካሉ፣ የተሳሳተው ግን ስሌታቸው ነው።

ማርክ ግሊክማን በ1990ዎቹ ያቀረበው ግሊኮ የተባለው ዘዴ ይህንኑ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከነጥቡ ጎን ሁለተኛ ቁጥር ይያዛል፤ እርሱም ነጥቡ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ የሚለካ ነው። አዲስ ሰው በ1500 ነጥብና በ350 ጥርጣሬ ይጀምራል። በተጫወተ ቁጥር ጥርጣሬው ይቀንሳል፣ ሳይጫወት በቆየ ቁጥር ያድጋል። ጥርጣሬው ትልቅ የሆነ ሰው ነጥቡ በአንድ ውጤት ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ በደንብ የታወቀው ጥቂት ብቻ። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ሌላው ወገን ነው። ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ያሸነፈው ነባር ተጫዋች ብዙ ነጥብ አያጣም፤ እንግዳው ደካማ ይሁን ጠንካራ ገና ስለማይታወቅ በእርሱ መሸነፍ ስለ ነባሩ የሚነግረው ጥቂት ነው። በኤሎ ስሌት ይህ ርኅራኄ የለም፣ የሚቀጥለው ችግር የሚወለደውም ከዚህ ነው።

ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነገር ስለሆነ፣ ስሕተት ሲታረም የእርማቱን ዋጋ የሚከፍል አለ። በአንድ ክበብ ውስጥ ጥንካሬያቸው እኩል የሆነ አሥር ሰዎች፣ ሁሉም በ1800 ነጥብ ተቀምጠዋል እንበል። አሥራ አንደኛው ሰው እንደ እነርሱ ጠንካራ ሆኖ በ1500 ተመዝግቦ ገባ። ኬው ለሁሉም እኩል ከሆነ የክበቡ ጠቅላላ ነጥብ 19,500 ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አሥራ አንዱም እኩል ስለሆኑ በጊዜ ብዛት ሁሉም በአማካዩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አማካዩም 1773 ነው። ነባሮቹ አሥር ሰዎች አንዲት ብልሃት ሳይረሱ እያንዳንዳቸው 27 ነጥብ አጥተዋል። በየዓመቱ ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ሰው ቢገባ፣ ወይም በቤታቸው ተምረው በፍጥነት የሚያድጉ ልጆች ቢመጡ፣ ቁጥሩ በሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። በ1200 ገብቶ፣ አድጎ፣ በ1700 ጨዋታ ያቆመ ሰውም 500 ነጥብ ከክበቡ ይዞ ወጥቷል። የነጥብ መመናመን የምንለው ይህ ነው።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። ፊዴ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከ2000 በታች የነበሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማረም ግድ ሆኖበታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ2000 የጎደለው ቁጥር አርባ ከመቶ ተጨመረለት፤ 1500 የነበረው 1700፣ 1900 የነበረው 1940 ሆነ፤ ዝቅተኛው ወለልም ከ1000 ወደ 1400 ከፍ አለ። እርምጃው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የታመመውን ቁጥር ያስተካክላል እንጂ ቁጥሩ የሚታመምበትን ምክንያት አይነካም።

ለአዲስ ሰዎች ትልቅ ኬ መስጠት በከፊል ያግዛል። አዲሱ በ40 እየተሰላ ነባሩ በ20 ከተሰላ፣ በ300 ነጥብ የሚያንሰው አዲስ ሲያሸንፍ 34 ያገኛል፣ ነባሩ ግን 17 ብቻ ያጣል፤ ቀሪው 17 ከየትም ሳይወሰድ ወደ ክበቡ ይገባል። ነገር ግን መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ከችሎታው በላይ ተመዝግቦ የገባ አዲስ ሰው ሲወድቅ እርሱ የሚያጣው ነባሮቹ ከሚያገኙት እጥፍ ነው፤ ያን ጊዜ ነጥብ ከክበቡ ይተናል።

በመዝገብ ላይ ይህን እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ። የነባሮቹን አማካይ ነጥብ ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ነባሮች በእርግጥ እያረጁ እየደከሙ ሊሆን ይችላል። ነባሮች ከነባሮች ጋር ያደረጓቸውን ግጥሚያዎች ለብቻ፣ ነባሮች ከአዲሶች ጋር ያደረጓቸውን ለብቻ ለዩ። በመጀመሪያዎቹ ትንበያው ትክክል ሆኖ በሁለተኛዎቹ ነባሮቹ ከተጠበቀባቸው በታች በተከታታይ ካመጡ፣ ችግሩ ያለው በመግቢያ ነጥቡ ነው። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን ነበር፤ ቀድመን ብናደርገው ኖሮ አንዳንድ ነባር ተጫዋቾችን «ወረዱ» ብለን ባላሳዘንናቸው ነበር።

ከዚህ የባሰው፣ በዝምታም የሚኖረው ስሕተት ግን የተዘጋ ክበብ ነው። የደረጃ ነጥብ ትርጉም ያለው በልዩነቱ ብቻ ነው፤ 1700 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁለት ክበቦች ተገናኝተው የማያውቁ ከሆነ የአንዱን 1700 ከሌላው 1700 ጋር ማወዳደር የሁለት ሀገሮችን ገንዘብ የምንዛሬ ተመን ሳይኖር እንደ ማወዳደር ነው።

አሁን ሁለቱ ክበቦች፣ እያንዳንዳቸው 50 ሰው ያላቸው፣ አንድ ቀን ተገናኝተው 20 ግጥሚያ አደረጉ እንበል። የተጋጠሙት በነጥብ እኩል የሆኑ ሰዎች ስለነበሩ አሥር ለአሥር ይጠበቅ ነበር፤ ውጤቱ ግን አሥራ አምስት ለአምስት ሆነ። 75 ከመቶ ማለት በ190 ነጥብ ያህል መብለጥ ማለት ነው። ሃያ ግጥሚያ ጥቂት ስለሆነ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፣ እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል ብቻ የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው። ስሌቱ ምን ያርማል? ከተጠበቀው በላይ የመጣው አምስት ድል ነው፤ አምስት በ20 ሲባዛ 100 ነጥብ። መቶ ነጥብ ከአንዱ ክበብ ወደ ሌላው ተሻገረ። በሃምሳ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2 ነጥብ ነው፤ የክበቦቹ አማካይ ልዩነት 190 መሆን ሲገባው 4 ሆነ። በጉዞው ያልነበሩት ሰዎች ነጥብ አንዲትም አልተነቃነቀም፤ የሄዱት ደግሞ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ያመጡትን እርማት መልሰው ይበትኑታል። ስሌቱ የሚያርመው የተጋጠሙትን ሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድነት ዝቅ ተደርገው ተገምተዋል» ብሎ ማሰብ አይችልም።

በአሜሪካ የሆነው ታሪክ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ክሎድ ብለድጉድ የተባለ እስረኛ በቨርጂኒያ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ለዓመታት በአብዛኛው ከእስረኞች ጋር በርካታ የተመዘገቡ ግጥሚያዎችን በማድረግ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ከ2700 በላይ ነጥብ ይዞ በሀገሪቱ ዝርዝር ሁለተኛ ደርሶ ነበር። ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ከዓለም ታላላቆች ተርታ ግን አልነበረም። ሆን ተብሎ የተደረገም ይሁን ወይም ከተዘጋው ክበብ በራሱ የመጣ፣ ስሌቱ የታዘዘውን አድርጓል። ከውጭ ጋር የሚያገናኘው በቂ ግጥሚያ ስላልነበረ ስሕተቱን የሚገልጥ ውጤት ከየትም አልመጣለትም።

መፍትሔው ኬን መጨመር አይደለም። ከሁለቱ ክበቦች የተውጣጡ ግጥሚያዎች በበቂ ቁጥር ሲገኙ፣ ለምሳሌ ከመቶ በላይ ሲሆኑና የተለያዩ ሰዎችን ሲያካትቱ፣ ለአንዱ ክበብ ሁሉ አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ መጨመር ነው። በሥራ አስኪያጆች ዘንድ ይህ እንደ አድልዎ ይታያል፤ በእኔ አስተያየት ግን አለማድረጉ ነው አድልዎ።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ሥርዓቱ በደኅና መሥራቱን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ነው። ነጥብ ትንበያ ነው ካልን መፈተን ያለበት እንደ ትንበያ ነው። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ስሌቱ የሚናገረውን ቁጥር ጻፉ፤ ነጥቡ ከታደሰ በኋላ የተሰላ ቁጥር ውጤቱን አስቀድሞ ስላየ ለፈተና አይሆንም። ከዚያም ተመራጩ ከ0.70 እስከ 0.80 የተጠበቀበትን ግጥሚያ ሁሉ በአንድ መደብ ሰብስቡ። በመደቡ 200 ግጥሚያ ካለና የትንበያው አማካይ 0.75 ከሆነ ተመራጮቹ ወደ 150 ማምጣት አለባቸው፤ በዕድል ምክንያት ከ138 እስከ 162 ቢሆን አያስገርምም። 130 ብቻ ካመጡ ግን ሥርዓቱ ልዩነቶችን እያጋነነ ነው።

ይህ ማጋነን በተለይ በትልልቅ ልዩነቶች ላይ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ቀደም ሲል እንዳየነው የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ በዕድል ይዋዥቃል። በሁለት ሰዎች መካከል 400 ነጥብ ልዩነት ስናይ፣ ከፍ ያለው ሰሞኑን የቀናው፣ ዝቅ ያለው ሰሞኑን የጠመመበት የመሆን ዕድሉ ከተቃራኒው ይበልጣል። እውነተኛው ልዩነት እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ከ400 ያንሳል፣ ደካማውም ከተጠበቀበት ትንሽ በላይ ያመጣል። በሁሉም መደቦች ተመራጮቹ ከተጠበቀባቸው በታች ካመጡ ኬው ለተጫዋቾቻችሁ ትልቅ ነው። በሁሉም መደቦች ከተጠበቀባቸው በላይ ካመጡ ደግሞ ኬው ትንሽ ነው፤ ነጥቦቹ እውነተኛውን ልዩነት ያህል ገና አልተራራቁም።

ኬን ለመምረጥም መንገዱ ከዚሁ ይወጣል። ያለፉትን ዓመታት ግጥሚያዎች በቅደም ተከተል ይዛችሁ ታሪኩን በኬ 10፣ በ20፣ በ30 እና በ40 እንደገና አስሉት። በእያንዳንዱ ግጥሚያ በሆነውና በተጠበቀው መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝታችሁ አማካዩን ያዙ። ሁልጊዜ «እኩል ናቸው» የሚል ሰው አቻ በሌለበት ጨዋታ 0.25 ያገኛል፤ የእናንተ ሥርዓት ከዚህ ካላነሰ ምንም አላወቀም ማለት ነው። የእያንዳንዱን ሰው የመጀመሪያ 30 ግጥሚያዎች ከአማካዩ አውጧቸው፤ አለበለዚያ የምትለኩት የኬን ጥራት ሳይሆን የመግቢያ ነጥቡን ስሕተት ይሆናል። በእኛ መዝገብ በ20 እና በ30 መካከል የተገኘው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ስለዚህ ነጥቡ ያነሰ የሚዋዥቅበትን 20ን መርጠን፣ ለአዲሶቹ ብቻ 40 አደረግን።